ጥር 11 ቀን 1988፦ ከፎቶግራፉ ጥግ ላይ ያለውን ቀን ስለ መከርከም

በፎቶግራፉ ቀኝ ታችኛ ጥግ ላይ '96 1 20 የሚል ብርቱካናማ ቁጥር አለ። አጎቴ ያነሳው የጥምቀት ፎቶግራፍ ነው፤ ቦታው ጎንደር፣ የፋሲለደስ መዋኛ። አያቴ፣ እናቴ፣ አክስቴና ታላቅ ወንድሜ ከውኃው ዳር በድንጋይ በተነጠፈው መሬት ላይ ቆመዋል፤ እኔ በእናቴ ጀርባ ታዝያለሁ። ከኋላቸው በውኃው መካከል የቆመው ባለ ሁለት ፎቅ ሕንፃ ይታያል። እናቴ ይህን ፎቶግራፍ በትልቁ አሳትሜ ሳሎን እንድሰቅልላት ጠየቀችኝ፤ ያ ቁጥር ግን እንዲጠፋ ፈለገች። በትንሹ እትም ላይ ዓይን ሳይስብ ያለፈ ቁጥር፣ ፎቶግራፉ በእጥፍ ሲያድግ እንደ መብራት ስለሚያበራ ፍላጎቷ ገብቶኛል።

ቁጥሩ በወረቀቱ ላይ የታተመ አይደለም። በዘጠናዎቹ የፈረንጆች ዓመታት ወደ አገራችን ከገቡት ትናንሽ የፊልም ካሜራዎች ብዙዎቹ በጀርባ ክዳናቸው ላይ ሰዓት ነበራቸው። መዝጊያው ሲከፈት ከዚያ ክዳን ትንሽ ብርሃን ወጥቶ ቁጥሩን ፊልሙ ላይ ይጽፋል። ስለዚህ ቁጥሩ ከኔጋቲቩ ጀምሮ የምስሉ አካል ነው፤ ከወረቀቱ ላይ ቢፋቅም አይለቅም። ብርሃን በብርሃን ላይ የተጨመረበት በመሆኑም በጨለማ ቦታ ላይ ደምቆ ይታያል፣ በነጭ ላይ ግን ይደበዝዛል። በእኛ ፎቶግራፍ ላይ ዓመቱ የወደቀው በጥቁሩ ድንጋይ ላይ ስለሆነ ፍም ይመስላል። ከቀኑ የመጨረሻው አሃዝ ግን ከጎን በቆመ የማላውቀው ሰው ነጠላ ጫፍ ላይ ስላረፈ፣ በኮምፒውተር አጉልቼ እስካየው ድረስ 20 ይሁን 26 አልለይም ነበር።

ከመከርከሜ በፊት ቀኑ እውነት መሆኑን ማረጋገጥ ነበረብኝ። እነዚህ ሰዓቶች ባትሪያቸው ሲወጣ ወደ መነሻቸው ይመለሳሉ፤ ባለቤቱ ካላስተካከላቸው የውሸት ቀን ሲጽፉ ይኖራሉ። በብዙ ቤት አልበም ውስጥ ያለው ቀን በዚህ ምክንያት አይታመንም። የእኛን ሳየው መጀመሪያ የተሳሳተ መሰለኝ፤ ምክንያቱም ጥር 11 አብዛኛውን ጊዜ የሚውለው ጃንዋሪ 19 ላይ ነው። ነገር ግን 1987 ዘመነ ሉቃስ ስለነበር ጳጉሜን 6 ቀን ሆናለች፤ የ1988 መስከረም 1 የገባው ሴፕቴምበር 12 ላይ ነው። ያ የአንድ ቀን ልዩነት እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ስለሚዘልቅ፣ በዚያ ዓመት ጥምቀት የዋለው ጃንዋሪ 20 ቀን 1996 ነው። ካሜራው ልክ ነበር። ፎቶግራፉም የከተራ ሳይሆን የጥምቀት ዕለት መሆኑ በዚህ ተረጋገጠ። ይህን ሳያጣሩ ቁጥሩን ቆርጦ መጣል፣ ቤተሰቡ ስለዚያ ቀን ያለውን ብቸኛ የጽሑፍ ማስረጃ መጣል ይሆናል።

እትሙ 10 በ15 ሴንቲ ሜትር ነው። ስካን ሲደረግ ሁለት ነገሮችን ጠብቄያለሁ። አንደኛ፣ ስካነሩ ጠርዙን በራሱ እንዲከረክም የሚያደርገውን ምርጫ አጥፍቼ ከወረቀቱ ዙሪያ ባዶ ቦታ እንዲታይ አደረግሁ፤ ይህ ምርጫ በርቶ ሲቀር ከየጎኑ አንድ ሁለት ሚሊ ሜትር ይበላል፣ ለዚህ ሥራ ደግሞ እያንዳንዱ ሚሊ ሜትር ያስፈልጋል። ሁለተኛ፣ ጥራቱን 600 ዲፒአይ አደረግሁ። በዚህ ጥራት አንድ ሚሊ ሜትር 24 ያህል ፒክስል ስለሚሆን ጎን ተቆርጦለትም ወደ 30 ሴንቲ ሜትር ስፋት ለማሳደግ በቂ ይቀራል። በ300 ቢሆን ኖሮ የፊቶቹ ጥራት ይላላ ነበር።

አሁን ወደ ጥጉ ልምጣ። ቁጥሩ 17 ሚሊ ሜትር ይረዝማል፣ ቁመቱ 2.5 ነው። ከቀኝ ጠርዝ በ8፣ ከታች ጠርዝ በ7 ሚሊ ሜትር ርቆ ተቀምጧል። ብዙ ሰው ቁጥሩን ለማጥፋት ሲነሳ የታችኛውንም የቀኙንም ጠርዝ አብሮ ይገፋል፤ ፎቶግራፉ ያለ ምክንያት የሚጠበው በዚህ ነው። በጥግ ላይ ያለ ነገር ከሁለቱ ጎኖች በአንዱ ብቻ ከታለፈ ይወጣል። ስለዚህ ጥያቄው ከታች ልቁረጥ ወይስ ከቀኝ የሚል ነው፤ የሁለቱ ዋጋ ደግሞ በጣም ይለያያል። አግድም የተጻፈ ቁጥር ረጅም እንጂ ከፍ ያለ ስላልሆነ፣ ከታች ለማለፍ 9.5 ሚሊ ሜትር ሲበቃ ከቀኝ ለማለፍ 25 ያስፈልጋል።

በሁለቱም ላይ አንድ ሚሊ ሜትር መጨመር ግድ ነው። ብርሃኑ በፊልሙ ውስጥ ትንሽ ስለሚፈስ በአሃዞቹ ዙሪያ ብርቱካናማ ጭጋግ አለ። ልክ አሃዙ ጫፍ ላይ የቆረጠ ሰው ቁጥሩን አስወግዶ ጭጋጉን ያስቀራል፤ ጠርዙ ላይ ምንጩ የማይታወቅ ሞቅ ያለ ቀለም ይቀመጣል። ይህን ለማየት በቅጂው ላይ የቀለሙን ድምቀት ከልክ በላይ ከፍ አድርጌ ጭጋጉ የት እንደሚያልቅ አየሁ፣ ከዚያ ድምቀቱን መለስኩት። ስለዚህ ከታች 10.5፣ ከቀኝ 26 ሚሊ ሜትር።

ከቀኝ የሚቆረጠው መጀመሪያ ጥሩ ይመስል ነበር። በዚያ ጠርዝ ላይ የቆመው የነጠላው ባለቤት ትከሻው ብቻ የገባ እንግዳ ስለሆነ ቢወጣ አይጎዳም። ነገር ግን ወንድሜ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ የቆመ ነው፤ ክርኑ ከቀኝ ጠርዝ በ24 ሚሊ ሜትር ላይ ይገኛል። የ26 ሚሊ ሜትሩ መስመር የክርኑን ጫፍ ይገምጠዋል። ሁለት ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ ዓይን ግን ያንን ክርን እየፈለገ ወደ ጠርዙ ይሄዳል። ክርኑ ቢተርፍ እንኳ የልጁ ጎን ከፍሬሙ ጋር ይጣበቅና ከቤተሰቡ ተገፍቶ የወጣ ይመስላል።

ከታች ያለው ችግር ደግሞ እግር ነው። የቆሙት ሰዎች ጫማ ከታች ጠርዝ 11 ሚሊ ሜትር ያህል ከፍ ይላል። በ10.5 ላይ ስቆርጥ ከሶላቸው በታች የሚቀረው ግማሽ ሚሊ ሜትር ነው። ሰዎቹ መሬት ላይ መቆማቸው ይቀርና በፍሬሙ እንጨት ላይ የተደረደሩ ይመስላሉ። እንዲህ ሲሆን የተለመደው መፍትሔ ወደ ላይ ወጥቶ መቁረጥ ነው። ሰውን በምስል ስንቆርጥ መስመሩ በመገጣጠሚያ ላይ፣ ማለትም በቁርጭምጭሚት፣ በጉልበት ወይም በእጅ አንጓ ላይ ካረፈ አካሉ የጎደለ ይመስላል፤ በሁለት መገጣጠሚያዎች መካከል፣ ለምሳሌ በባቱ መሃል ላይ ካረፈ ግን ዓይን የቀረውን በራሱ ይሞላዋል። ስለዚህ እስከ ባት ድረስ ወጥቼ ቆረጥኩና ለእናቴ አሳየኋት።

ፊቶቹን ትታ ወደ ታች ነው ያየችው። «የእናቴ ጥበብ የት ገባ?» አለች።

አያቴ የለበሱት ቀሚስ ግርጌ ላይ ሰፊ ጥበብ አለ፤ መስመሬ ከዚያ በላይ አልፎ ነበር። የቀሚሱን ፈትል ራሳቸው ፈትለው ለሸማኔ የሰጡ መሆናቸውን እናቴ ያን ቀን ነገረችኝ። በየትኛውም የፎቶግራፍ መጽሐፍ የባት መሃል ትክክለኛ የመቁረጫ ቦታ ነው። በሀበሻ ቀሚስ ላይ ግን የልብሱ ሥራ ሁሉ የሚገኘው ከዚያ በታች ነው፤ ያንን ጠርዝ የሚያስቀር ፍሬም ቀሚሱን ተራ ነጭ ጨርቅ ያደርገዋል። ጥበቡን በግማሹ መቁረጥ ደግሞ ከዚያም የባሰ ነው። ጥበቡ ከነጫማው መትረፍ አለበት ማለት ነው፤ በሌላ አነጋገር ከ10.5 ሚሊ ሜትር በላይ አንዲት ክር እንኳ መውጣት አልችልም።

መፍትሔው የመጣው ከጥጉ ሳይሆን ከሕንፃው ነው። አጎቴ ካሜራውን ትንሽ አዝምሞ ይዞት ነበር፤ የመዋኛው ሕንፃ ወደ ግራ ዘመም ብሏል። ፎቶግራፉን ለማቃናት ወደ ቀኝ፣ በሰዓት አቆጣጠር አቅጣጫ፣ መዞር አለበት። አንድ ምስል በመሃሉ ላይ ሲዞር ደግሞ መሃሉ ባለበት ይቀራል፣ የቀኙ ጫፍ ይወርዳል፣ የግራው ይነሳል። ቁጥሩ ያለው በቀኙ ጫፍ ነው፤ ከወንድሜ በቀር ቤተሰቡ ያለው መሃል ላይና ከመሃል ወደ ግራ ነው። ምስሉ ሲቃና ቁጥሩ ከእግሮቹ እየራቀ ወደ ታች ይሄዳል ማለት ነው። መጀመሪያ ከርክሞ በኋላ የሚያቃና ሰው ይህን ትርፍ ያጣዋል፤ ማቃናቱ የራሱን ድርሻ ከአራቱም ጠርዞች ስለሚወስድም ሁለት ጊዜ ይከፍላል።

ለማቃናት ግን ትክክለኛውን መስመር መምረጥ ያስፈልጋል። ውኃ ስላለ በውኃው ዳር መለካት ያጓጓል። ውኃው ራሱ ጠፍጣፋ ነው፤ ነገር ግን የሩቁ ዳር ከካሜራው እየራቀ በጎን የሚሄድ ከሆነ በምስሉ ላይ ያዘነበለ መስመር ይሆናል፤ በእሱ ያቃና ሰው ትክክለኛውን ፎቶግራፍ ያጣምማል። የሚታመነው ቀጥ ብሎ የቆመ ነገር ነው፤ እሱም በምስሉ መሃል አካባቢ ያለው። በጠርዝ በኩል ያሉ ግድግዳዎችና ዛፎች ካሜራው ትንሽ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ባየ ቁጥር ስለሚያዘሙ አይረቡም። የእኛ ሕንፃ ከመሃል ጥቂት ወደ ግራ ስለሆነ ተስማሚ ነበር። ጂምፕ በሚባለው የምስል ማስተካከያ ፕሮግራም የመለኪያ መሣሪያ የሕንፃውን ማዕዘን ከላይ ወደ ታች ሰምሬ `Straighten` የሚለውን ተጫንኩ፤ ልዩነቱ አንድ ዲግሪ ተኩል ሆነ።

ትንሽ ይመስላል፤ በዚህ ስፋት ግን ብዙ ነው። ከመቃናቱ በፊት በሰዎቹ ሶልና በቁጥሩ ራስ መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት 1.5 ሚሊ ሜትር ነበር። ከተቃና በኋላ በምስሉ መሃል ላይ 2.8 ሆነ፤ በግራ በቆሙት በአያቴ እግር ሥር ደግሞ ከዚያም ይበልጣል። ለጭጋጉ የሚያስፈልገውን አንድ ሚሊ ሜትር ስቀንስ፣ ከእናቴ ጫማ በታች ወደ ሁለት ሚሊ ሜትር የሚጠጋ የድንጋይ ንጣፍ ይቀራል። ጥበቡ በሙሉ አለ። ጫማዎቹ ትንሽም ብትሆን መሬት ላይ ያርፋሉ። ቁጥሩ ወጥቷል።

እዚህ ላይ የሚመጣ ፈተና አለ፦ ሁለት ዲግሪ ባዞረውስ ሌላ ግማሽ ሚሊ ሜትር አገኝ ነበር። አላደረግሁትም፤ ማንም ሌላም እንዲያደርገው አልመክርም። ሕንፃው ወደ ሌላኛው ጎን መውደቅ ሲጀምር ተመልካቹ ምክንያቱን ባያውቅም ይረበሻል፤ የጎንደር ሰው ደግሞ ያንን ሕንፃ ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀዋል።

የቀረው መጠኑ ነው። ከታች ተቆርጦ ቁመቱ ወደ 89 ሚሊ ሜትር ወርዷል፤ ስፋቱ ግን 147 ያህል ነው። ለ20 በ30 ወረቀት የሚስማማው የሦስት ለሁለት መጠን ስለሆነ ስፋቱ 133 መሆን ይኖርበታል፤ 14 ሚሊ ሜትር ከጎን ይሄዳል። ከሁለቱ ጎኖች ሰባት ሰባት ማንሳት ፍትሐዊ ይመስላል፣ ለምስሉ ግን ጥሩ አይደለም። ወንድሜ ወደ ግራ፣ ወደ ውኃው ነው የሚያየው። በግራ በኩል ማዶ የቆመው ሕዝብና ውኃው ስላሉ የእሱ ዕይታ የሚያርፍበት ቦታ አለ። በቀኝ ያለው ያ የእንግዳ ትከሻ ብቻ ነው። ስለዚህ 14ቱንም ከቀኝ ወሰድኩ። ትከሻው ወጣ፤ ከወንድሜ ክርን በስተቀኝ ስምንት ሚሊ ሜትር ያህል ትንፋሽ ቀረ፤ ቤተሰቡም ከመሃል ጥቂት ወደ ቀኝ ተጠጋ፣ በግራ ያለው ውኃም ሚዛኑን ያዘለት።

ከላይ ምንም አልነካሁም። ታቹ ስለጠበበ ላዩንም ማጥበብ ይገባል የሚል ስሜት ይመጣል፤ እኔም ሞክሬ አየሁት። ነገር ግን የሕንፃው ጣሪያ ወደ ላይኛው ጠርዝ ቅርብ ነው፤ ጥቂት ቢወሰድ ጣሪያው ፍሬሙን ይነካና አዲስ ቁስል ይፈጠራል። ውጤቱ ከመጀመሪያው ይልቅ ወደ ታች የከበደ ፎቶግራፍ ነው። ይህን ክብደት ተቀብያለሁ፤ ከጥበቡና ከክርኑ ይልቅ የሚቀለው ዋጋ ይህ ነው።

ለመከርከሚያው በጂምፕ `Fixed` ላይ `Aspect ratio` መርጬ `3:2` አስገባሁ፣ `Delete cropped pixels` የሚለውን ደግሞ አጠፋሁት። ያ ምርጫ ሲጠፋ ከፍሬሙ ውጭ የቀረው ምስል ተደብቆ ይቆያል እንጂ አይሰረዝም፤ ፋይሉን በጂምፕ በራሱ ቅርጽ ካስቀመጥኩት ነገም መስመሩን መግፋት እችላለሁ። ሙሉው ስካን ደግሞ ከነቁጥሩ በቲፍ ለብቻው ተቀምጧል፤ በእሱ ምስል ላይ ምንም ሥራ አይሠራም።

ፎቶ ቤት ስትሄዱ ደግሞ ይህን አስቡ። ያለ ነጭ ጠርዝ የሚታተም ፎቶግራፍ ወረቀቱን ሙሉ በሙሉ እንዲሸፍን ማሽኑ ምስሉን ትንሽ አስፍቶ ያትመዋል፤ የተረፈው ከየጎኑ ይቆረጣል። ከዚያ የፍሬሙ ከንፈር ጥቂት ሚሊ ሜትር ይሸፍናል። በእግራቸው ሥር ያተረፍኩት ሁለት ሚሊ ሜትር መሬት በ20 በ30 ላይ አራት ቢሆን ነው፤ ሁለቱ ተባብረው ሙሉ በሙሉ ይውጡታል። ስለዚህ ምስሉን በወረቀቱ ላይ በዙሪያው ቢያንስ አንድ ሴንቲ ሜትር ነጭ ጠርዝ አስቀርቼ አዘጋጀሁት፣ ፒያሳ ያለው ፎቶ ቤትም ሳያስፋ እንዲያትመው ጠየቅሁ። የፍሬሙ ከንፈር የሚሸፍነው ከነጩ ነው፤ መሬቱ ይተርፋል።

ከምስሉ የወጣው ቀን ወደ ፋይሉ ውስጥ ገብቷል። ስካነሩ በፋይሉ ላይ የሚጽፈው ስካን የተደረገበትን ዕለት ስለሆነ፣ ካልተስተካከለ የአያቴ ጥምቀት ከዚህ ዓመት ፎቶግራፎች ጋር ይደረደራል። ያስተካከልኩት `exiftool` በሚባለው ፕሮግራም፣ በዚህ ትእዛዝ ነው፦

```
exiftool -DateTimeOriginal="1996:01:20 12:00:00" timket1988.tif
```

ሰዓቱን መሙላት ግዴታ ስለሆነ ቀትር አልኩት፤ ካሜራው የጻፈው ቀኑን ብቻ ነው። በታተመው ወረቀት ጀርባ ላይ ደግሞ «ጥምቀት፣ ጥር 11 ቀን 1988 ዓ.ም.» ብዬ ከሰዎቹ ስም ጋር በለስላሳ እርሳስ ጻፍኩ። እስክሪብቶ ጠንክሮ ሲጫን በፊት በኩል ያብጣል፣ ቀለሙም ወደ ሌላ ፎቶግራፍ ሊተላለፍ ይችላል።

ቁጥሩን ሳይቆርጡ በአጠገቡ ባለው ድንጋይ ቀለም መሸፈንም ይቻላል፤ ብዙዎች የሚመርጡትም ይህንን ነው። አልቃወምም። መከርከም አንድን ሰው ወይም የአካሉን ክፍል የሚያስከፍል ከሆነ መሸፈን ይሻላል። እዚህ ግን ቁጥሩ ከድንጋይ ንጣፍ ወደ ነጠላ የሚሻገር ነው። የነጠላውን ሽመና በእጅ መልሶ መሥራት ከባድ ነው፤ የተሠራውም በ20 በ30 ላይ እንደ ልጥፍ ይታያል። በቀረው ምስል ውስጥ ያለው ሁሉ በዚያ ቀን በዚያ ቦታ የነበረ ብቻ መሆኑም ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

ከዚያው ፊልም ሌላ ፎቶግራፍ አለ፤ አክስቴ ከዛፉ ሥር ለብቻዋ የቆመችበት። እሷም ትልቅ እትም ጠይቃኛለች። ያኛው ያዘመመው ወደ ተቃራኒው ነው፤ ሲቃና የቀኙ ጫፍ ይነሳና ቁጥሩ ወደ ጫማዋ ይቀርባል። ከታች ብቆርጥ እግሯ ይሄዳል፣ ከቀኝ ብቆርጥ የዘረጋችው ጃንጥላ ይሄዳል። አቃንቼ ቁጥሩን እንዳለ ተውኩት። እሷ ጃንጥላውን ነው የምትወደው።